መድኃኒት በስሙ ሲጠራ፦ በቂርቆስና በካዛንቺስ መድኃኒት ቤቶች ያለ ማዘዣ የሚጠየቅ አንቲባዮቲክና የፋርማሲስቱ ድርሻ

በካዛንቺስ ወይም በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ወደሚገኝ መድኃኒት ቤት የሚገባ ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚናገረው የሕመሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ነው። «ዶክተር፣ አሞክሳሲሊን አንድ ስትሪፕ ስጠኝ» ይላል፤ ወይም ባዶውን ማሸጊያ ከኪሱ አውጥቶ «ይህንኑ» ይላል። ፋርማሲስቱ ማዘዣ ሲጠይቀው «ቶንሲሌ ነው፣ ሁልጊዜ የሚሻለኝ በዚህ ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል። በዚህች የአንድ ደቂቃ ንግግር ውስጥ ምርመራውም፣ የመድኃኒቱ ምርጫም፣ መጠኑም በደንበኛው ተወስኖ አልቋል፤ ለባለሙያው የቀረለት ዕቃ አቀብሎ ገንዘብ መቀበል ብቻ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ አንቲባዮቲክን ለመግታት በአገራችን የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው «አትሽጡ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም አይበቃም። ፋርማሲስቱ አላግባብ አጠቃቀምን መቀነስ የሚችለው በመድኃኒት ስም የቀረበለትን ጥያቄ ወደ ሕመም ታሪክ ሲመልሰው፣ ደንበኛውን ባዶ እጁን ሳይሆን ለሕመሙ በሚስማማ ነገርና በግልጽ ቀጠሮ ሲሸኘው፣ ይህንንም ሲያደርግ ጎረቤት ያለው መድኃኒት ቤት በተመሳሳይ መዝገብና ቁጥጥር ሲያዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ክልከላው የሽያጩን ቦታ ከመቀየር አያልፍም።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ አያወላዳም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይታደል ተከልክሏል፤ አንቲባዮቲኮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ነገር ግን በተግባር የሚታየው ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የከተማዋን የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች አነጋግረው ነበር። ባለሙያዎቹ ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን እንደሚያውቁ አልሸሸጉም። ምክንያት አድርገው የጠቀሱት የባለቤቱን የትርፍ ፍላጎት፣ የቁጥጥሩን መላላት፣ የደንበኛውን ግፊትና ደንበኛ የማጣት ሥጋትን ነው። ከዚያ በኋላ በጎንደር፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ የታተሙ ጥናቶች ሌላ መንገድ ተከተሉ፤ የሠለጠኑ ሰዎች የታመመ ልጅ ወላጅ መስለው መድኃኒት ቤቶችን ጎበኙ። በልጆች ጉንፋንና ተቅማጥ ሰበብ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ማግኘት የተለመደ ነገር ሆኖ ተገኘ። ስለ ልጁ ዕድሜና ክብደት፣ ስለ አደገኛ ምልክቶችና ስለ አለርጂ የሚጠይቀው ባለሙያ ግን ጥቂት ነበር። ከሁለቱ ዓይነት ጥናቶች አንድ ላይ የምንረዳው ችግሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ሽያጩ የሚፈጸመው እያወቁ ነው፤ ጥያቄው ግን የሚዘለለው ሽያጩ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ በትክክል መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ባለሙያዎችም ይሳሳታሉና። የ500 ሚሊ ግራም አሞክሳሲሊን አንድ ስትሪፕ ብዙ ጊዜ አሥር ካፕሱል ይይዛል። መድኃኒቱ በቀን ሦስት ጊዜ ሲወሰድ አሥሩ ፍሬ ለሦስት ቀን ይበቃና አንድ ይተርፋል። የትኛውም የሕክምና መመሪያ የሦስት ቀን ከአንድ ፍሬ ሕክምና አያውቅም፤ ስትሪፑ የፋብሪካ ማሸጊያ እንጂ የሕክምና መለኪያ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሕሊና ያለው ፋርማሲስት «አንድ ስትሪፕ አይበቃህም፣ የሰባት ቀኑን ሃያ አንድ ፍሬ ውሰድና ጨርስ» ብሎ ይመክራል፤ በዚህም ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ሰውየው የሳምባ ምች ቢኖረው ምክሩ ትርጉም በኖረው ነበር። ደንበኛው ያለበት ተራ ጉንፋን ከሆነ ግን ጥፋቱ ያለው መድኃኒቱን በማቋረጡ ሳይሆን በመጀመሩ ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊኑ በሕመሙ ላይ የሚሠራው ሥራ የለም፤ በአንጀት፣ በጉሮሮና በቆዳ ላይ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ግን ይመታል። ከእነዚህ መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ቦታውን ይይዛሉ፤ ከሕክምናው በኋላ ለወራት በሰውየው ላይ ሊቆዩና ወደ ቤተሰቡ ሊተላለፉ ይችላሉ። ያው ሰው ከሦስት ወር በኋላ የኩላሊት ኢንፌክሽን ይዞት ሆስፒታል ቢተኛ ሐኪሙ የሚታገለው ከእነዚሁ ጋር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጉንፋን ሃያ አንድ ፍሬ መሸጥ አሥር ከመሸጥ አይሻልም፤ ይብሳል። «ጨርሰው ውሰዱ» የሚለው ትምህርት ያለ አግባብ ለተጀመረ መድኃኒት ምስክር ወረቀት እየሆነ መምጣቱ ሙያው ራሱን ሊጠይቅበት የሚገባ ነገር ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ መከልከል ለምን አይበቃም? በካዛንቺስ፣ በመሿለኪያ ወይም በቄራ አንድ መድኃኒት ቤት «የለም» ቢል ሌላው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በተከለከለ ደንበኛ ላይ የሚደርሰው ያ መንገድ ብቻ ነው፤ በከለከለው ባለሙያ ላይ ግን ሽያጭ ማጣት፣ የባለቤት ወቀሳ፣ አንዳንዴም ስድብ ይደርስበታል። ደንበኛው ከዚህ የሚማረው «ያኛው መድኃኒት ቤት አስቸጋሪ ነው» የሚለውን ነው፤ ስለ ሕመሙ ምንም አልተነገረውም። ከዚህም በላይ መከልከል የማይለያቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ በጉንፋን ምክንያት የመጣና በሳምንት ውስጥ በራሱ የሚድን ነው፤ ሌላው ልጁ የሳምባ ምች ይዞት ዛሬውኑ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ነው። ሁለቱም አሞክሳሲሊን ብለው ነው የሚጠይቁት። ሁለቱን እኩል «ማዘዣ አምጡ» ብሎ የመለሰ ባለሙያ ሕጉን አክብሯል፤ ሁለተኛውን ግን ሳያስጠነቅቅ ለቆታል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንዲት እናት ገብታ ለልጇ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ትጠይቃለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማዘዣ አለዎት?» ሳይሆን «እናቴ፣ ልጁ የት ነው? ምን ሆነብዎት?» ቢሆን ይመረጣል። ልጁ ብዙ ጊዜ ቤት ነው ያለው፤ ይህ ራሱ ዋና ዕውቀት ነው። ያልታየ ልጅ እስትንፋሱ አይቆጠርም፣ ክብደቱም አይገመትም። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከሦስት ቀን ጀምሮ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ያስለዋል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል እንበል። ፋርማሲስቱ ቀጥሎ የሚጠይቀው አደገኛ ምልክቶችን ነው፦ ይጠጣል ወይስ እምቢ ይላል? የበላውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦታል? ከወትሮው የተለየ ድካም ወይም እንቅልፍ አለው? ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ጆሮው ይፈስሳል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ንግግሩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ልጁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ከሌለ እናትየው ልጁን ታምጣው፤ ወይም ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጣ ሆዱና ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለአንድ ሙሉ ደቂቃ እንድትቆጥር ትማር። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ መሠረት ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የልጅ አተነፋፈስ ወጥ አይደለምና።

ቁጥሩ 32 ሆነ እንበል። ልጁ የሳምባ ምች ምልክት የለውም። አሁን ፋርማሲስቱ የሚሸጠው ነገር አለው፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። ክብደቱ 14 ኪሎ ከሆነ በአምስት ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከሚይዘው የፓራሲታሞል ሽሮፕ 7.5 ሚሊ ሊትር ሲያተኩሰው ብቻ ይሰጠዋል፤ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ ሳያልፍ። ለታፈነ አፍንጫ የጨው ውኃ ጠብታ አለ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነ ማር ለሳሉ ይጠቅመዋል፤ ለጨቅላ ግን አይሰጥም። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከመድኃኒቱ ይበልጥ ዋጋ ያለው ነው፦ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚቆይ መንገር። ጉንፋን እስከ አሥር ቀን፣ ሳል እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይህን ያልተነገራት እናት በአምስተኛው ቀን ሳሉ ስላልጠፋ አንቲባዮቲክ ያስፈልገው ነበር ብላ ትደመድማለች። በተቃራኒው በአራተኛው ቀን አንቲባዮቲክ የጀመረ ልጅ በሰባተኛው ቀን ሲሻለው ያዳነው መድኃኒቱ ይመስላታል። «ሁልጊዜ የሚሻለኝ በዚህ ነው» የሚለው እምነት የሚወለደው በዚህ የጊዜ መገጣጠም ነው፤ ሊፈታ የሚችለውም ሕመሙ በራሱ የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ በመንገር ብቻ ነው። በመጨረሻም ቀጠሮ፦ ትኩሳቱ ሦስት ቀን ከዘለለ፣ እስትንፋሱ ከፈጠነ ወይም መጠጣት እምቢ ካለ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ። ይህ ሁሉ አራት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። የአሞክሳሲሊኑን ሽሮፕ ዱቄት በጠርሙሱ ላይ እስከተሰመረው ምልክት ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እንዴት እንደሚበጠብጡ በትክክል ማስረዳትም ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይፈልግም።

ምሳሌው የቶንሲል ሕመም ያለበት ልጅ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር፤ ይህንን መካድ አያስፈልግም። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ትኩሳት ካለው፣ ሳልና ንፍጥ ከሌለው፣ አንገቱ ላይ የሚያሙ እጢዎች ካበጡ፣ ቶንሲሉ ላይም ነጭ ነገር ከታየ ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ ይህ ባክቴሪያ የሚያስከትለው የልብ በር ሕመም ወጣቶችን የሚያሰናክል ትልቅ ችግር ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ፔኒሲሊን ይገባዋል። «ሁሉም የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው» ብሎ የሚያስተምር ሰው በዚህ አገር ልጆችን ይጎዳል። ሆኖም ከዚህ የሚከተለው ፋርማሲስቱ ካፕሱል ቆጥሮ ይስጥ ማለት አይደለም። የልብ ጉዳቱን ለመከላከል ሕክምናው ሕመሙ ከጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ቢጀመር እንደሚበቃ የታወቀ ነው። ልጁን ዛሬ አይቶ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ከሕክምናው ዓላማ የሚያጎድለው ነገር የለም። ከስትሪፕ ላይ የተቆረጡ ጥቂት ፍሬዎች ግን ሕመሙን አስታግሰው ባክቴሪያውን ሳያጠፉ ስለሚተዉት እናትየው ዳነ ብላ ሳታሳክመው ትቀራለች። ማዘዣ ከሌለው ሽያጭ በይበልጥ የሚጎዳው በእርግጥም አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ልጅ ነው።

ለተቅማጥና ለሽንት ሕመም በስሙ የሚጠራው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው፤ ሰዉ «ሲፕሮ» ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ወገን ከፍሏል፦ በቅድሚያ የሚሰጡ፣ ክትትል የሚሹና ተጠባባቂ። አሞክሳሲሊን ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን ጀርሞች ቶሎ ሊላመዷቸው ስለሚችሉ ክትትል ከሚሹት ውስጥ ተመድበዋል። ደም የሌለበት አጣዳፊ ተቅማጥ የሚፈልገው ፈሳሽ ነው። ለልጅ አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጠዋል፤ ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ደግሞ በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ለአሥር ቀን። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም እንደ ሩዝ ውኃ እየፈሰሰ የሚያደክም ከሆነ ቦታው ሕክምና ተቋም ነው። በሹክሹክታ የሚጠየቅ ሲፕሮም አለ፤ የሚጠይቀው በአባለዘር ፈሳሽ የተቸገረ ወንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህ የመድኃኒት ወገን ለጨብጥ እንዳይሰጥ አድርጓል፤ ባክቴሪያው ተላምዶታልና። ሰውየው የሚፈልገው የማይሠራ መድኃኒት ነው፤ የሚያመጣውም ሐፍረት ነው። እዚህ ላይ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ከሌሎች ደንበኞች ጋር ተሰልፎ መጠየቅ አይቻልም። ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነጋገሩባት ጥግ የሌላት መድኃኒት ቤት ይህን ሰውና የትዳር ጓደኛውን ወደ ሕክምና የመምራት ዕድል የላትም።

«ሰዉ ቆዩ ቢባል አይሰማም፣ መድኃኒቱን ካላገኘ አይረካም» የሚለው ክርክር በተደጋጋሚ ይቀርባል። ማስረጃው ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። በሌሎች አገሮች በመተንፈሻ አካላት ሕመም ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የኮክሬን ግምገማ እንደሚለው፣ አንቲባዮቲክ ወዲያው ከተሰጣቸው ሕሙማን 93 በመቶ ያህሉ ወስደውታል፤ «ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ካልተሻላችሁ ብቻ» ከተባሉት ግን የወሰዱት 31 በመቶ ያህሉ ናቸው። በእርካታቸው ላይ የታየው ልዩነት ትንሽ ነበር። ውጤቱ ከሐኪም ቤት የመጣ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ካዛንቺስ መደርደሪያ አይገለበጥም፤ ሐኪሙ ሕመምተኛውን መርምሮታል፣ ሕመምተኛውም ማዘዣውን ቢፈልግ ያገኘዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ሰው የሚፈልገው ካፕሱሉን ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ በቁም ነገር መታየቱንና ቢብስበት የሚሄድበት ቦታ መኖሩን ጭምር ነው። እነዚህን ሁለቱን ፋርማሲስቱ ያለ ማዘዣ መስጠት ይችላል፤ ሕጉም አይከለክለውም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የድኻው ነው። የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ አውጥቶ ተራ ሲጠብቅ የቀን ገቢውን ያጣል፤ መድኃኒት ቤት ግን እስከ ማታ ክፍት ነው፣ የሚያስከፍለውም የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ነው። በር ቢዘጋበት መድኃኒት ሳያገኝ የሚሞት ሰው ይኖራል ይባላል። በገጠር፣ ጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቦታ፣ ይህ ክርክር እውነት አለው፤ እዚያ መልሱም ሌላ መሆን አለበት። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ግን ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልን ጨምሮ የመንግሥት ሕክምና ተቋማት በቅርብ ያሉበት የከተማ መሐል ነው። ድኻው በመድኃኒት ቤት በኩል የሚያተርፈው ጊዜ መሆኑን ተቀብለን ምን እንደገዛበት ብንጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለቫይረስ የማይሠራ ካፕሱል ነው። የቀን ገቢውን ማዳን የሚቻለው ጤና ጣቢያ መሄድ የማያስፈልገውን ሰው «አትሂድ፣ ይህ በራሱ ይድናል» ብሎ በልበ ሙሉነት መመለስ ሲቻል ነው፤ ያንን የሚያደርገው ደግሞ የሚጠይቅ ፋርማሲስት ነው። ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በ2017 ዓ.ም. ብዙ ነባር ነዋሪዎቹን ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ሸኝቷል። ከሰፈር ጋር አብሮ የሚጠፋው ዝምድና ብዙ ነው፤ የልጆቹን ስምና አለርጂ የሚያውቀው መድኃኒት ቤትም አንዱ ነው። በአዲሱ መንደር የማያውቀው ባለሙያ ፊት የሚቆም ሰው በመድኃኒት ስም ቢጠይቅ አያስገርምም፤ ታሪኩን የሚያውቅለት የለምና።

«ማዘዣውስ ራሱ ምን ዋስትና አለው?» የሚሉም አሉ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ ዊዳል ተመርምሮ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይዞ የሚወጣበት ልማድ በከተማችን የታወቀ ነው። ዊዳል ቀድሞ የነበረ ኢንፌክሽንንና ክትባትን ከአሁኑ ሕመም መለየት ስለሚሳነው በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ ሊታመን አይገባውም፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክም ብዙ ነው። ስለዚህ ማዘዣ ማለት ትክክለኛ አጠቃቀም ማለት አይደለም። ነገር ግን ይህ የፋርማሲስቱን ሥራ ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች የታዘዙ አንቲባዮቲኮችን ከሐኪሞች ጋር እየገመገሙ አስተያየት የሚሰጡበት አሠራር ተሞክሮ ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ግምገማው ሲቆም የአንቲባዮቲክ አጠቃቀሙ እንደገና ጨመረ፤ ሕሙማን በሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜና የሚሞቱት ቁጥርም ከፍ ብሎ ታየ። የሆስፒታል ክፍልና የመንገድ ዳር መድኃኒት ቤት አንድ አይደሉም። ቢሆንም የኢትዮጵያ ፋርማሲስት የአንቲባዮቲክ ውሳኔ ላይ ሲገባ ለውጥ እንደሚያመጣ፣ ለውጡም ክትትሉ ሲቋረጥ አብሮ እንደሚጠፋ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የባለሙያው የራሱ ነው፦ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ባለቤቱ የሚለካኝ በቀኑ ሽያጭ ነው።» ለዚህ በስብከት መልስ አይገኝም። መልሱ ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። ያው ባለሙያ፣ ያው ባለቤት ዲያዜፓምን ያለ ልዩ ማዘዣ አይሸጡም። ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ጎረቤት ያለውን መድኃኒት ቤት ቢጠራም አይሸጡም፤ ጎረቤቱም አይሸጥም። ምክንያቱ ዲያዜፓም ከአንቲባዮቲክ ይበልጥ አደገኛ መሆኑ ወይም ባለሙያው ስለ እርሱ የተሻለ መሠልጠኑ አይደለም። ማዘዣው የተለየ ነው፤ የገባውና የወጣው በመዝገብ ይመሳከራል፤ የጎደለ ፍሬ ጥያቄ ያስነሣል፤ ፈቃድም ያሳጣል። ሁሉም በር እኩል ስለተዘጋ የከለከለ ሰው ብቻውን አይከስርም። ለአንቲባዮቲክ የጎደለው ይህ ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ አንቲባዮቲክ በሁለት ቅጂ ማዘዣ ብቻ እንዲሸጥ፣ አንዱ ቅጂ መድኃኒት ቤት እንዲቀር አድርጋለች። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1999 የማዘዣውን ሕግ ማስከበር ስትጀምር ሽያጩ ወዲያው ወረደ፤ ክትትሉ ሲላላ ግን በቀጣዮቹ ዓመታት ቀስ በቀስ ተመልሶ ወጣ። በሃኖይ በግል መድኃኒት ቤቶች የተደረገው ሙከራ ደግሞ ቁጥጥርን፣ ሥልጠናንና የሙያ ባልደረቦችን የእርስ በርስ ክትትል በተከታታይ አቀናጅቶ የባለሙያዎቹን አሠራር አሻሽሏል።

ለአዲስ አበባ የሚበጀው ሁሉንም አንቲባዮቲክ በአንድ ቀን በልዩ ማዘዣ ማሰር አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለው አዋጅ በመጀመሪያው ወር ይሸነፋል። ክትትል በሚሹት፣ በተለይም በሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በአዚትሮማይሲንና በሴፍትሪያክሶን መጀመር ይቻላል። ማዘዣው መድኃኒት ቤት ይቅር፤ በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የታዘዘበት ምክንያት፣ የተሰጠው ፍሬ ብዛትና ያዘዘው ተቋም ይጻፍ፤ የከተማ አስተዳደሩ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተቆጣጣሪም ከግዢ ደረሰኙ ጋር ያመሳክረው። ከአከፋፋይ 500 ስትሪፕ ገዝቶ የ60ውን ማዘዣ ብቻ ማሳየት የቻለ መድኃኒት ቤት ማብራሪያ ይስጥ። በዚያው መዝገብ ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ሳይሸጥላቸው ወደ ጤና ጣቢያ የተላኩት ይመዝገቡ፤ ስማቸው ሳይሆን ዕድሜያቸው፣ ሕመማቸውና የታየው አደገኛ ምልክት። ባለሙያው የላከው ሰው በአጭር ወረቀት ላይ የተጻፈ መልእክት ይዞ ቢሄድ ጤና ጣቢያውም ቶሎ ሊያየው ይችላል፤ እናትየው የቆጠረችው የእስትንፋስ ቁጥርም አይጠፋም።

ውጤቱን ስንመዝን በአንድ መድኃኒት ቤት ሽያጭ መታለል የለብንም። በአንዱ ቤት ሲፕሮ ቀንሶ በሦስተኛው ቤት ከጨመረ ደንበኛው ቦታ ቀየረ እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። መታየት ያለበት የወረዳው ድምር ነው፦ ክትትል የሚሹት አንቲባዮቲኮች ግዢ ሲወርድ የሕይወት አድን ንጥረ ነገሩና የዚንኩ ሽያጭ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የተላኩትም ቁጥር አብሮ ከፍ ማለት አለበት። አንቲባዮቲኩ ቀንሶ የተላኩት ቁጥር ካልጨመረ ባለሙያዎቹ መከልከል እንጂ መጠየቅ አልጀመሩም ማለት ነው፤ የሳምባ ምች የያዘው ልጅም ከጉንፋናሞቹ ጋር ተመልሶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።